ለቤት ሥራ የተጠቀምንበትን የኤአይ ቻት በማስረጃነት ማስቀመጥ፦ ለተማሪ፣ ለወላጅና ለመምህር

ደብረ ብርሃን ወይም አንኮበር የሚማር ተማሪ ከመጽሐፍ የወሰደውን ሐሳብ ለመምህሩ ማሳየት አይቸግረውም። የመጽሐፉን ስምና ገጹን ይጽፋል፤ መምህሩ ከተጠራጠሩ መጽሐፉን ገልጠው ያያሉ። ከቻትጂፒቲ ወይም ከሌላ የኤአይ መተግበሪያ ጋር ተጻጽፎ ያገኘው ግን እንዲህ አይደለም። ንግግሩ ያለው በተማሪው አካውንት ውስጥ ብቻ ነው። መምህሩ ያንኑ ጥያቄ ቃል በቃል በራሳቸው ስልክ ቢጽፉ እንኳ የሚመጣላቸው ሌላ መልስ ነው፤ መተግበሪያው ለእያንዳንዱ ጥያቄ መልሱን እንደ አዲስ እየቀጠለ ይጽፋልና። የቻትጂፒቲን ባለቤት ኩባንያ «የተማሪዬን ቻት አሳዩኝ» ብለው ቢጠይቁም አካውንቱ የእርሳቸው ስላልሆነ አያገኙትም።

የአሜሪካ ሥነ ልቦና ማኅበር ስለ ምንጭ አጠቃቀስ መመሪያ በማውጣት ይታወቃል። ማኅበሩ በሚያዝያ 2023 እ.ኤ.አ. ስለ ቻትጂፒቲ ባወጣው ማብራሪያ ይህንኑ ችግር አንሥቶ ነበር፤ ሌላ አንባቢ ቻቱን መልሶ ሊያገኘው ስለማይችል ጸሐፊው ሙሉ ጽሑፉን ከሥራው ጋር አባሪ አድርጎ ሊያያይዘው እንደሚችል ጽፏል። ከዚያ ወዲህ ኩባንያዎቹ ቻትን በሊንክ የማጋራት አገልግሎት ጨምረዋል። ሊንኩ ችግሩን ያቃለለው ግን በከፊል ነው፤ ከታች እናየዋለን።

አንድ ምሳሌ፦ የአልዩ አምባ የቤት ሥራ

የ10ኛ ክፍል የታሪክ መምህር «አልዩ አምባ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ለምን ትልቅ ገበያ ሆነች?» የሚል የቤት ሥራ ሰጡ እንበል። ጥያቄው ለአካባቢው ልጆች ቅርብ ነው። አልዩ አምባ ከአንኮበር ቁልቁል ሲወረድ የምትገኝ፣ ሙስሊም ነጋዴዎች የሚበዙባት፣ ወደ ታጁራ ወደብ የሚወርዱ የሲራራ ነጋዴዎች የሚገናኙባት ገበያ ነበረች። አንዲት ተማሪ ቻትጂፒቲን ተጠቅማ ሁለት ገጽ ጻፈች። በመካከሉ «ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ በ1841 ዓ.ም. ከእንግሊዙ ካፒቴን ሐሪስ ጋር የወዳጅነትና የንግድ ውል ተፈራረሙ» የሚል ዓረፍተ ነገር አለ።

ስሕተቱን የሸዋን ታሪክ የሚያውቅ መምህር ወዲያው ያየዋል። ውሉ የተፈረመው በኅዳር 1841 እ.ኤ.አ. ነው፤ በእኛ አቆጣጠር 1834 ዓ.ም. ይሆናል። ሣህለ ሥላሴ ያረፉት ደግሞ በእኛ አቆጣጠር በ1840 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ በተማሪዋ ወረቀት ላይ ንጉሡ ውሉን የፈረሙት ከሞቱ በኋላ ነው ማለት ነው።

ጥያቄው ታዲያ ስሕተቱ ከየት መጣ የሚለው ነው። ቻቱ «1841 እ.ኤ.አ.» ብሎ ጽፎ ከሆነ «እ.ኤ.አ.» የሚለውን የጣለችው ተማሪዋ ናት፤ መምህሩ ስለ ሁለቱ አቆጣጠሮች ሊያስረዷት ይገባል። ቻቱ ራሱ «1841 ዓ.ም.» ብሎ ከሆነ ደግሞ ተማሪዋ ያነበበችውን በትክክል ገልብጣለች፤ የጎደላት ማመሳከር ነው። ሦስተኛም መንገድ አለ፤ ዓመቱን ከቻቱ ሳይሆን ከሌላ ቦታ አምጥታው ሊሆን ይችላል። ሦስቱም የተለያየ እርማትና የተለያየ ነጥብ ይጠይቃሉ። መዝገቡ ከሌለ ግን ተማሪዋ «ቻቱ ነው እንዲህ ያለው» ትላለች፤ መምህሩ ማመንም አለማመንም በእጃቸው ነው። ነገሩ ከፍ ብሎ «ሥራው የራስሽ አይደለም» እስከማለት ከደረሰ ልጅቷ ራሷን የምትከላከልበት ነገር አይኖራትም።

አንድ ነገር ከወዲሁ ልለይ። መዝገቡ የሚያረጋግጠው ቻቱ ምን እንዳለ እንጂ ያለው ነገር እውነት መሆኑን አይደለም። በሐዲስ ትምህርት ያለፈ ሰው ልዩነቱን ያውቀዋል፤ ዘገባው በትክክል መተላለፉ አንድ ጥያቄ ነው፣ የተናጋሪው ታማኝነት ሌላ ጥያቄ ነው።

ቻቱ እንዴት ይጠፋል?

ብዙ ጊዜ የሚጠፋው ማንም ሳይደብቀው ነው። ቻትጂፒቲን አካውንት ሳይከፍቱ መጠቀም ይቻላል፤ በኢንተርኔት ካፌ ወይም በጓደኛ ስልክ የሚሠሩ ተማሪዎች ብዙ ጊዜ የሚያደርጉት ይህንን ነው። ያለ አካውንት የተደረገ ንግግር በታሪክ ዝርዝር ውስጥ አይቀመጥም። ገጹ ሲዘጋ ለተማሪው የለም። `Temporary chat` በሚባለው የተደረገውም በዝርዝሩ ውስጥ አይገባም፤ ኩባንያው ቅጂውን እስከ 30 ቀን ሊያቆየው ይችላል፣ ተማሪው ግን ሊከፍተው አይችልም። ከዝርዝሩ የተሰረዘ ቻትም ወዲያው ከዓይን ይጠፋል፤ ከኩባንያው ኮምፒውተሮችም በመደበኛው አሠራር በ30 ቀን ውስጥ ይሰረዛል። ስለዚህ የቤት ሥራውን ከመጀመራችሁ በፊት አካውንት ውስጥ መግባታችሁን እዩ፤ በካፌ ኮምፒውተር ከሆነ ደግሞ ስትጨርሱ ከአካውንቱ መውጣት እንዳትረሱ።

በቴሌግራም ቦት በኩል የሚጠቀሙም አሉ። እዚያ ንግግሩ በቴሌግራም ላይ ይቆያል፤ ሆኖም `Clear history` የሚለውን የነካ ሰው ሁሉንም ያጠፋዋል። ቦቱን የሠራው ግለሰብ የትኛውን ኤአይ ከጀርባ እንዳገናኘም አይታወቅም፤ በመዝገቡ ላይ የቦቱ `@` ስም መጻፍ ያለበት ለዚህ ነው። የቴሌግራም ጥቅሙ በኮምፒውተር ላይ በሚጫነው ቴሌግራም ንግግሩን በሙሉ ከነሰዓቱ ማውጣት መቻሉ ነው። ቻቱን ከፍታችሁ ሦስቱን ነጥቦች ስትነኩ `Export chat history` የሚል ይመጣል።

ሊንኩ፣ ጽሑፉ እና ያልታየው ቅርንጫፍ

ወደ ተማሪዋ እንመለስ። ሥራዋን እንደጨረሰች ቻቱን ከፍታ `Share` የሚለውን ብትጫን ሊንክ ታገኛለች። ሊንኩ ያን ጊዜ የነበረውን ንግግር እንደ ፎቶ አንሥቶ ያስቀምጣል፤ ከዚያ በኋላ የምትጽፈው በዚያ ሊንክ ላይ አይታይም። መምህሩ ሲከፍቱት የሚያዩት በኩባንያው ገጽ ላይ ያለውን ነው፤ ስለዚህ ተማሪዋ በገዛ እጇ ጽፋ ካመጣችው ወረቀት የበለጠ ክብደት አለው። ድክመቱ ሁለት ነው። ዋናውን ቻት ብትሰርዘው ሊንኩም አብሮ ይሞታል። ሁለተኛ፣ በሊንኩ ላይ የባለቤቱ ስም አይወጣም፤ ጓደኛዋ የሠራችውን ቻት ሊንክ ብታመጣ ገጹ ብቻውን አይለየውም።

በዚህ ምክንያት ከሊንኩ ጎን ሙሉ ጽሑፉ በፒዲኤፍ መኖር አለበት። በስልክም በኮምፒውተርም ከብራውዘሩ `Print` ብሎ `Save as PDF` መምረጥ ይበቃል። እዚህ ላይ ብዙዎች የሚያዩት ብልሽት አለ፤ ረጅም ቻት ሲታተም የመጀመሪያው ገጽ ብቻ ወጥቶ ሌላው ሊቆረጥ ይችላል። ፒዲኤፉን ከፍታችሁ የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር መኖሩን አረጋግጡ። ከተቆረጠ ከላይ እስከ ታች ገልብጣችሁ በዎርድ ላይ ለጥፉና ያንን ፒዲኤፍ አድርጉ። ስክሪንሾት የመጨረሻው አማራጭ ይሁን። በኮምፒውተር ብራውዘር ላይ ያለን ጽሑፍ በጥቂት ደቂቃ ለውጦ ፎቶ ማንሣት ለሚያውቅ ልጅ ቀላል ነው፤ መምህር ስክሪንሾትን ብቻውን ማስረጃ አድርጎ ባይቀበል አልፈርድበትም።

አሁን መምህራን እምብዛም የማያስተውሉት ነገር ላይ ደረስን። በቻትጂፒቲ ላይ ተማሪዋ የጻፈችውን ጥያቄ መልሳ ማስተካከል ወይም «እንደገና መልስ» ማለት ትችላለች። እንዲህ ስታደርግ የቀድሞው መልስ አይጠፋም፤ ንግግሩ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ ያወጣል፣ በስክሪኑ ላይ ግን የሚታየው አንዱ ብቻ ነው። ከመልሱ በታች `2/3` የሚል ምልክት ካለ ሦስት መልሶች ነበሩ፣ የምታዩት ሁለተኛውን ነው ማለት ነው። ሊንኩም ፒዲኤፉም የሚያሳዩት የታየውን መንገድ ብቻ ነው። በእኛ ምሳሌ የመጀመሪያው መልስ «1841 እ.ኤ.አ.» ብሎ፣ ሁለተኛው ደግሞ አቆጣጠሩን ሳይጠቅስ «1841» ብቻ ብሎ ሊሆን ይችላል፤ ተማሪዋ ያያዘችው ሁለተኛውን ከሆነ መዝገቡ ግማሹን ታሪክ ይደብቃል። መፍትሔው ቀላል ነው። ለቤት ሥራ ሲሆን የቀድሞውን ጥያቄ አታስተካክሉ፤ አዲስ ጥያቄ ከታች ጨምሩ። ያስተካከላችሁት ካለ ደግሞ በመዝገቡ ራስጌ ላይ ስንተኛው ጥያቄ ላይ እንደሆነ ጻፉ።

ክርክር ተነሥቶ ሁሉም ቅርንጫፍ መታየት ካለበት መንገድ አለ። በ`Settings` ውስጥ `Data controls`፣ ከዚያም `Export data` ስትሉ ኩባንያው በኢሜይል የማውረጃ ሊንክ ይልካል። ሊንኩ ለ24 ሰዓት ብቻ ይሠራል፤ ኔትወርክ ባለበት ቀን ማዘዝ ያስፈልጋል። በሚወርደው ፋይል ውስጥ `chat.html` እና `conversations.json` የሚባሉ አሉ፤ ሁለተኛው የተተዉትን መልሶች ጭምር ይይዛል። ነገር ግን የአካውንቱን ቻት በሙሉ ነው የሚያመጣው፣ የቤት ሥራውን ብቻ አይደለም። ተማሪዋ ከወላጇ ጋር ሆና ለመምህሩ የሚመለከተውን ክፍል ታሳይ እንጂ ፋይሉን እንዳለ አሳልፋ አትስጥ።

ሰዓቱን ማንበብ

በ`conversations.json` ውስጥ ጊዜው እንደ ሰዓት አይጻፍም፤ `create_time` ከሚለው ቀጥሎ ረጅም ቁጥር ይመጣል። ቁጥሩ ከጥር 1 ቀን 1970 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለፉትን ሰከንዶች ይቆጥራል፣ መነሻውም የግሪንዊች ሰዓት ነው። የተማሪዋ የመጀመሪያ ጥያቄ `1763140200` የሚል ቁጥር አለው እንበል። ከነጥብ በኋላ ያለውን ትርፍ ቁጥር ትታችሁ በዊንዶውስ ፓወርሼል ላይ ይህን ጻፉ፦

```
[DateTimeOffset]::FromUnixTimeSeconds(1763140200).UtcDateTime
```

የሚወጣው ኅዳር 14 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. (በፈረንጆቹ ኖቬምበር)፣ ዓርብ፣ ከቀኑ 5:10 PM ነው። ይህ የግሪንዊች ነው። ለኢትዮጵያ 3 ሰዓት ስንጨምር 8:10 PM ይሆናል፤ በእኛ አነጋገር ከምሽቱ 2:10። ቀኑም ኅዳር 5 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው። መምህሩ 5:10 የሚለውን ዓይተው «ከቀኑ 5 ሰዓት ከ10፣ ክፍል ውስጥ ሳለሽ ነው የሠራሽው» ቢሉ በ9 ሰዓት ተሳስተዋል። እንዲህ ያለ ጠብ የሚነሣው በሦስት የተለያዩ ሰዓቶች ምክንያት ስለሆነ፣ በመዝገቡ ራስጌ ላይ ሰዓቱን ስትጽፉ «ከምሽቱ 2:10 (በኢትዮጵያ)» ብላችሁ ግልጽ አድርጉት።

ከተረከበ በኋላ አለመለወጡን ማወቅ

መዝገቡ በተማሪዋ ስልክ ላይ ብቻ እስካለ ድረስ ማንም የሚመሰክርለት የለም። ክብደት የሚያገኘው ሥራው በተረከበበት ቀን ወደ መምህሩ እጅ ሲገባ ነው። ኢሜይል ለዚህ ጥሩ ነው፤ የደረሰን ኢሜይል ላኪው ከመምህሩ ሳጥን መልሶ ሊያጠፋው አይችልም። በቴሌግራም የተላከ ግን ላኪው ከሁለቱም ወገን ሊሰርዘው፣ በ48 ሰዓት ውስጥም ሊያስተካክለው ይችላል። በክፍል ግሩፕ የሚቀበሉ መምህር ፋይሉን እንዳገኙ ወደ ራሳቸው `Saved Messages` ፎርዋርድ ያድርጉት፤ ላኪው የራሱን ቢያጠፋም ያ ቅጂ ይቀራል።

ኮምፒውተር ያላቸው ደግሞ የፋይሉን «አሻራ» ማውጣት ይችላሉ። በዊንዶውስ፦

```
certutil -hashfile aliyu-amba.pdf SHA256
```

ትእዛዙ 64 ፊደልና ቁጥር ያወጣል። በፋይሉ ውስጥ አንዲት ነጥብ ብትለወጥ ሌላ አሻራ ይወጣል። ተማሪዋ አሻራውን በቤት ሥራዋ ወረቀት ላይ ጽፋ ብታስረክብ፣ ከሁለት ወር በኋላ ያው ፋይል መሆኑን በዚያው ትእዛዝ ማወቅ ይቻላል። ሰዎች የሚሳሳቱበት ቦታ አለ፤ ፋይሉን ከፍቶ እንደገና ሴቭ ማድረግ ይዘቱ ሳይነካ እንኳ አሻራውን ሊለውጠው ይችላል። በቴሌግራም ፎቶ አድርጎ የተላከም ስለሚጨመቅ አሻራው ይለወጣል፤ በ`File` የተላከ ግን እንዳለ ይደርሳል። አሻራው ካልተመሳሰለ ከክስ በፊት እነዚህን ሁለቱን ጠይቁ።

የአሻራውን ወሰንም ማወቅ ይገባል። ከርክክብ በኋላ አለመነካቱን ያሳያል፤ ከርክክብ በፊት ተማሪዋ ጽሑፉን እንዳልቀየረችው አያሳይም። ያንን የሚያሳየው ሕያው ሊንኩ ነው። ስለዚህ መምህሩ በተረከቡበት ሳምንት ሊንኩን አንድ ጊዜ ከፍተው ከፒዲኤፉ ጋር ሁለት ሦስት ቦታ ቢያስተያዩና በወረቀቱ ላይ ቀን ጽፈው ቢፈርሙ፣ ሊንኩ በኋላ ቢሞትም ምስክር አለ። ለሁሉም ተማሪ ይህን ማድረግ ከባድ ከሆነ ጥቂት ወረቀቶችን በዕጣ መርጦ ማየት ይቻላል።

ኔትወርክ በሌለበት

በእኛ አካባቢ ይህ የሩቅ ሐሳብ አይደለም። በየካቲት 2015 ቴሌግራምና ሌሎች ማኅበራዊ ሚዲያዎች በአገሪቱ ተገድበው ለአምስት ወር ያህል ቆይተዋል። በዚያው ዓመት ሐምሌ መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ዘልቋል። በሊንክ ብቻ የተያዘ ማስረጃ እንዲህ ባለ ጊዜ ላይ የለም ማለት ነው።

ወረቀት እዚህ ላይ ያሸንፋል። ፒዲኤፉን በፎቶ ኮፒ ቤት ማሳተም የሚችል ያሳትመው። የማይችል ደግሞ በደብተሩ ላይ የጠየቃቸውን ጥያቄዎች ቃል በቃል ይጻፍ፤ ከመልሱ ደግሞ በሥራው ውስጥ የተጠቀመባቸውን ዓረፍተ ነገሮች ብቻ ይገልብጥ። ለተማሪዋ ይህ ምናልባት ግማሽ ገጽ ነው። ራስጌው እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

```
መተግበሪያ፦ ቻትጂፒቲ፣ በራሴ አካውንት
ቀንና ሰዓት፦ ኅዳር 5/2018፣ ከምሽቱ 2:10–2:45
የጥያቄ ብዛት፦ 4 (3ኛውን አንድ ጊዜ አስተካክያለሁ)
የተጠቀምኩበት፦ ገጽ 1 አንቀጽ 2፤ ገጽ 2 አንቀጽ 1
ያመሳከርኩበት፦ የመማሪያ መጽሐፍ
```

ከአምስቱ መስመሮች መምህሩ ብዙ የሚያገኙት ከአራተኛው ነው። በሌሎቹ አንቀጾች ያለው የተማሪዋ የራሷ ነው ማለት ስለሆነ፣ ጠርተው በቃል ሊጠይቋት ይችላሉ። ሳስተምር በነበረበት ጊዜም ተማሪ ሥራውን ማወቁን የምለየው ከሁሉ በላይ በአምስት ደቂቃ ጥያቄና መልስ ነበር፤ መዝገቡ የት እንደምንጠይቅ ያሳየናል።

ሊንኩ ማን እጅ እንደሚገባ

የተጋራ ሊንክን ያገኘ ሁሉ ሊከፍተው ይችላል። በ2025 እ.ኤ.አ. ክረምት ላይ፣ ቻታቸው በፍለጋ እንዲገኝ የሚፈቅደውን ሳጥን የነኩ የቻትጂፒቲ ተጠቃሚዎች ንግግር በጉግል ላይ ሲወጣ ታይቶ ኩባንያው ያንን ምርጫ አንሥቶታል። ሊንኩ ግን ዛሬም ከእጅ ወደ እጅ ይሄዳል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ የቤት ሥራ አዲስ ቻት ክፈቱ፤ ስለ ሕመም፣ ስለ ቤተሰብ ጉዳይ ወይም ስለ ትዳር የጠየቃችሁበትን ቻት ላይ የታሪክ ጥያቄ አትቀጥሉ። ሊንኩንም ለመምህሩ በግል ላኩ እንጂ በክፍሉ ግሩፕ አትለጥፉት። ወላጆች ልጆቻችሁ የእናንተን አካውንት የሚጠቀሙ ከሆነ ይህንን ቀድማችሁ ንገሯቸው።

መዝገቡ መቆየት ያለበት የሴሚስተሩ ውጤት ወጥቶ የቅሬታ ጊዜው እስኪያልፍ ድረስ ነው። ከዚያ በኋላ ተማሪዋ ሊንኩን ከ`Settings` ውስጥ `Shared links` በሚለው በኩል መሰረዝ ትችላለች፤ መምህሩም በ`Saved Messages` ያስቀመጡትን ያጥፉት።